ከሺህ ሰባት፦ ዩራኒየም ለምን ይበለጽጋል? እንዴትስ ይለያል?

"ኢራን ዩራኒየም እስከ 60 በመቶ አበልጽጋለች" የሚለውን ዜና ባለፉት ዓመታት ደጋግመን ሰምተነዋል። ለመሆኑ 60 በመቶ ሲባል የምን 60 በመቶ ነው? እ.ኤ.አ በ2015ቱ ስምምነት 3.67 በመቶ ድረስ ይፈቀድልሻል የተባለች አገር፣ 20 ስትደርስ ዓለም የተንጫጫው፣ 60 ላይ ሆና ደግሞ በሰኔ 2017 ዓ.ም. ናታንዝ፣ ፎርዶና ኢስፋሃን በቦምብ የተመቱት ለምንድን ነው?

ቁጥሮቹን ብቻ ካየን ከ60 እስከ 90 ገና ረጅም መንገድ ያለ ይመስላል። 3.67 ደግሞ ከዜሮ ብዙም የራቀ አይመስልም። እውነታው ግን የዚህ ግልባጭ ነው። ለምን እንደሆነ ለመረዳት ከሥሩ መጀመር አለብን። ፊዚክስ ከተማራችሁ የቆያችሁም፣ ጭራሽ ያልተማራችሁም አትፍሩ። ከመደመርና ከመቀነስ ያለፈ ሒሳብ የለበትም።

ሁለቱ ወንድማማቾች

ከመሬት ተቆፍሮ የሚወጣ ዩራኒየም አንድ ዓይነት ብረት ይምሰል እንጂ ውስጡ ሁለት ዓይነት አቶሞች አሉ። አንደኛው ዩራኒየም 238 ሲሆን ሌላው ዩራኒየም 235 ነው። ሁለቱም 92 ፕሮቶን አላቸው። ልዩነታቸው 238 ሦስት ተጨማሪ ኒውትሮን መያዙ ብቻ ነው፤ በዚህም ትንሽ ከበድ ይላል። እንዲህ ያሉ የአንድ ንጥረ ነገር ወንድማማቾች አይሶቶፕ ይባላሉ።

አንድ ሺህ የተፈጥሮ ዩራኒየም አቶሞችን ብንቆጥር 993ቱ 238 ናቸው። 235 የሆኑት ሰባት ብቻ ናቸው። ዜና ላይ የምንሰማው "በመቶ" የእነዚህ የሰባቱ ድርሻ ነው። የተፈጥሮው 0.7 በመቶ ነው እንላለን። ማበልጸግ ማለት ደግሞ ከውጭ አዲስ ነገር መጨመር አይደለም። 238ቱን እየቀነሱ የ235ን ድርሻ ከፍ ማድረግ ነው።

ሁሉም ሰው ሰባቱን የሚፈልገው ለምንድን ነው? 235 በዝግታ የሚሄድ ኒውትሮን ሲነካው ለሁለት ይሰነጠቃል፤ ሙቀትም ይለቃል። ሲሰነጠቅም በአማካይ ሁለት ተኩል ገደማ አዳዲስ ኒውትሮኖችን ይረጫል። ከእነዚህ አንዱ ሌላ 235 ካገኘ ሰንሰለቱ ይቀጥላል። 238 ግን ቀስ ያለውን ኒውትሮን ዋጥ ያደርገዋል እንጂ አይሰነጠቅም።

የኒውትሮን ሒሳብ

አሁን እንደ አንድ ባለ ሱቅ እናስላ። ሪአክተር፣ በተለምዶ የኒውክሌር ማብላያ የምንለው፣ ሥራው አንድ ብቻ ነው፦ ዛሬ 100 ኒውትሮን ካለው ከአንድ ዙር በኋላም 100 እንዲኖረው ማድረግ። 99 ከሆነ እሳቱ ቀስ እያለ ይጠፋል። 

በተፈጥሮ ዩራኒየም ውስጥ ቀስ ያሉ 100 ኒውትሮኖች ቢዋጡ ከፊሎቹን 238 ያለ ጥቅም ይበላቸዋል፣ ሌሎቹ ደግሞ 235ን ይሰነጥቃሉ። ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚወለዱት አዳዲስ ኒውትሮኖች 134 ገደማ ናቸው። 34 ትርፍ አለን ማለት ነው። ጥሩ ይመስላል። ግን ወጪው ገና አልታሰበም።

አዲስ የተወለደ ኒውትሮን በጣም ፈጣን ነው። 235ን በቀላሉ እንዲሰነጥቅ ፍጥነቱ መቀነስ አለበት። ለዚህም በነዳጁ ዙሪያ ፍጥነት የሚያበርድ ነገር ይቀመጣል። በአብዛኞቹ የዓለማችን ሪአክተሮች ይህ ነገር እኛ የምንጠጣው ዓይነት ተራ ውሃ ነው፣ በጣም ተጣርቶ። ውሃ ርካሽ ነው፣ ሙቀቱንም ተሸክሞ ያወጣል፣ ኒውትሮንንም በጥቂት ግጭት ያበርዳል። ችግሩ ግን ውሃ ውስጥ ያለው ሃይድሮጅን ራሱ ኒውትሮን ይበላል።

ስለዚህ ከ34ቱ ትርፍ ላይ ውሃው ድርሻውን ይወስዳል። 238 ደግሞ ኒውትሮኑ ፍጥነቱን እየቀነሰ ባለበት መንገድ ላይ ጠብቆ ሌላ ድርሻ ይወስዳል። የነዳጁ ሽፋን የሆነው ብረት ትንሽ ይወስዳል፣ የተወሰነው ደግሞ ከሪአክተሩ ሾልኮ ይወጣል። ተደምሮ ሲታይ 34ቱ አይበቃም። የተፈጥሮ ዩራኒየምንና ተራ ውሃን እንዴትም አድርገን ብንደረድራቸው ሰንሰለቱ ራሱን ችሎ አይቀጥልም።

አሁን 235ን ወደ 4 በመቶ እናሳድገው። ያው 100 ኒውትሮን ሲዋጥ የሚወለደው 190 ገደማ ይሆናል። ትርፉ ከ34 ወደ 90 አደገ። አሁን ውሃውም ይጠጣ፣ 238ም ይብላ፣ የሚሾልከውም ይሹልክ፤ ሰንሰለቱ አይቆምም። እንዲያውም ነዳጁ ለዓመታት እንዲያገለግል የሚያስችል መጠባበቂያ ይተርፋል። ማበልጸግ ያስፈለገበት ምክንያት ይኸው ነው።

"አብዛኞቹ" ያልነው በምክንያት ነው። ውሃውን የቀየረ ሰው ማበልጸግን ሊያመልጥ ይችላል። የካናዳው ካንዱ የተባለ ሪአክተር "ከባድ ውሃ" የሚባለውን ይጠቀማል። ይህ ውሃ ሃይድሮጅኑ አስቀድሞ አንድ ተጨማሪ ኒውትሮን የያዘ ስለሆነ ሌላ የመብላት ፍላጎቱ በጣም ትንሽ ነው። እ.ኤ.አ በ1942 ቺካጎ ውስጥ የተሠራው የዓለም የመጀመሪያው ሪአክተርም በተፈጥሮ ዩራኒየም ነው የሠራው፤ ኒውትሮን የሚያበርደው ግራፋይት ነበር። ግን ከባድ ውሃን ከተራው ውሃ ለይቶ ማውጣት ራሱ ውድ ሥራ ነው። የሆነ ቦታ ላይ መለየት አይቀርም፤ ወይ ነዳጁን ወይ ውሃውን።

ጋቦን ውስጥ የተገኘው ምስክር

ይህ ወረቀት ላይ ያለ ሒሳብ ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ ተፈጥሮ ራሷ የሞከረችበት ቦታ አፍሪካ ውስጥ አለ።

እ.ኤ.አ በ1972 ፈረንሳይ ውስጥ ፒየርላት በሚገኝ የማበልጸጊያ ተቋም ያሉ ባለሙያዎች ከጋቦን የመጣ ዩራኒየም ሲለኩ አንድ እንግዳ ነገር አዩ። የ235 ድርሻ 0.720 በመቶ መሆን ሲገባው 0.717 ሆኖ ተገኘ። ልዩነቱ ከምንም የማይቆጠር ይመስላል። ነገር ግን ይህ ቁጥር በምድር ላይ የትም ብትቆፍሩ አንድ ነው። ስለዚህ የጎደለው 235 የት ሄደ ተባለ።

ፍለጋው ኦክሎ ወደሚባለው የጋቦን ማዕድን ማውጫ ወሰዳቸው። እዚያ ደግሞ ድርሻው ከዚህም በጣም የወረደ ድንጋይ ተገኘ። አጠገቡም ዩራኒየም ሲሰነጠቅ ብቻ የሚፈጠሩ ንጥረ ነገሮች ነበሩ። መልሱ ይህ ሆነ፦ ከሁለት ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በዚያ ቦታ ማንም ሳይሠራው የተፈጥሮ ሪአክተር ነድዷል። ኒውትሮኑን ያበረደውም በድንጋዩ ውስጥ የገባው ተራ ውሃ ነው።

ያኔ የሠራ ነገር ዛሬ ለምን አይሠራም? ሁለቱም ወንድማማቾች በጊዜ ብዛት ይፈርሳሉ፣ ግን እኩል አይደለም። 235 በየ704 ሚሊዮን ዓመቱ በግማሽ ይቀንሳል። 238 ግን በግማሽ ለመቀነስ ወደ 4.5 ቢሊዮን ዓመት ይፈጅበታል። ወደ ኋላ ስናሰላ ከሁለት ቢሊዮን ዓመት በፊት የ235 ድርሻ ከ3 በመቶ በላይ ነበር። የዛሬ ሪአክተሮች ከሚፈልጉት ጋር ተቀራራቢ ማለት ነው። እንግዲህ ፋብሪካ ውስጥ የምናደርገው ማበልጸግ በአንድ አነጋገር የምድርን ሰዓት ወደ ኋላ መመለስ ነው።

ታዲያ እንዴት ይለያሉ?

ሁለት ነገር ሲደባለቅብን የምንለየው አብዛኛውን ጊዜ በባሕርዩ ነው። ጨው ከአሸዋ ቢቀላቀል ውሃ እንጨምራለን፤ ጨው ይሟሟል አሸዋ ይቀራል። 235 እና 238 ላይ ግን ይህ አይሠራም። የኬሚስትሪ ባሕርይን የሚወስነው ኤሌክትሮን ነው፣ ሁለቱ ደግሞ እኩል 92 ኤሌክትሮን አላቸው። አሲዱም፣ እሳቱም፣ ማሟሟቱም ሁለቱን በአንድ ዓይን ነው የሚያያቸው ማለት ይቻላል። የቀረው መለያ ክብደት ነው።

ክብደትን ለመጠቀም ደግሞ አቶሞቹ አንድ በአንድ ተለያይተው መንቀሳቀስ አለባቸው። ጋዝ መሆን አለባቸው ማለት ነው። ዩራኒየም ብረት ስለሆነ በቀላሉ ጋዝ አይሆንም። ከስድስት የፍሎሪን አቶሞች ጋር ሲያያዝ ግን ዩራኒየም ሄክሳፍሎራይድ የሚባል ነጭ ጠጣር ይሆናል። ይህ ነገር 56 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ላይ ሳይቀልጥ በቀጥታ ወደ ጋዝ ይለወጣል። ትኩስ ሻይ ከምንጠጣበት ሙቀት ብዙም አይርቅም።

ፍሎሪን የተመረጠበት ሌላም ምክንያት አለ። በተፈጥሮ ያለው የፍሎሪን አቶም አንድ ዓይነት ብቻ ነው፣ ክብደቱም 19 ነው። ስድስቱ አንድ ላይ 114 ይሆናሉ። ስለዚህ አንደኛው ሞለኪውል 235 ሲደመር 114፣ ማለትም 349 ይመዝናል። ሌላው 238 ሲደመር 114፣ ማለትም 352። ፍሎሪን ራሱ ቀላልና ከባድ ዓይነት ቢኖረው ኖሮ ሒሳቡ ይምታታ ነበር። አሁን ግን በመካከላቸው ያለው ልዩነት የዩራኒየሙ ልዩነት ብቻ ነው። ከ352 ላይ 3። አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም።

የመጀመሪያው መንገድ፦ ወንፊት

አሜሪካኖች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ቴኔሲ ግዛት ኦክ ሪጅ በሚባል ቦታ ኬ-25 የሚባል ግዙፍ ሕንጻ ሠሩ። ዘዴው ይህ ነው። ጋዙ እጅግ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ባሉት ግድግዳ ላይ በግፊት ይላካል። በአንድ ሙቀት ላይ ያሉ ሞለኪውሎች ሲታዩ ቀላሉ ከከባዱ ትንሽ ይፈጥናል። ስለሚፈጥንም ቀዳዳዎቹን ደጋግሞ ያገኛቸዋል፣ ቀድሞም ያልፋል። ቀዳዳው ትልቁን አግዶ ትንሹን የሚያሳልፍ እንዳይመስላችሁ፤ ሁለቱም በመጠን እኩል ናቸው። ልዩነቱ የፍጥነት ነው።

የፍጥነት ልዩነቱ ስንት ነው? አንድ ጊዜ ሲያልፍ የ235ን ድርሻ ቢበዛ በ0.43 በመቶ ያሻሽለዋል። 0.711 የነበረው 0.714 ይሆናል እንደማለት ነው። ከተፈጥሮው ወደ 4 በመቶ ለመድረስ ቢያንስ 400 ጊዜ ማለፍ አለበት፤ በተግባር ደግሞ ከዚያ በላይ ነው። በእያንዳንዱ ዙር ጋዙን እንደገና መጭመቅና ማቀዝቀዝ ያስፈልጋል። ኤሌክትሪኩን የሚበላው ይህ ነው። ፈረንሳይ ውስጥ በዚህ ዘዴ የሚሠራው የዦርዥ ቤስ ፋብሪካ በሙሉ አቅሙ ሲሠራ የሦስት የኒውክሌር ሪአክተሮችን ምርት ለብቻው ይወስድ ነበር። እ.ኤ.አ በ2012 ተዘጋ። የተካው ፋብሪካ የሚፈልገው ኤሌክትሪክ በ50 እጥፍ ገደማ ያነሰ ነው።

ሁለተኛው መንገድ፦ ማንገዋለል

የተካው ዘዴ ሴንትሪፊውጅ ነው። እናቶቻችን እህል በሰፌድ ሲያንገዋልሉ አይታችኋል። ሰፌዱን ሲያሽከረክሩት ቀላሉና ከባዱ የየራሱን ቦታ ይይዛል። ወንፊት አላስፈለገም፤ ሥራውን የሠራው ሽክርክሪቱ ነው። ሴንትሪፊውጅም በሐሳብ ደረጃ ይኸው ነው።

ቀጭንና ረጅም የብረት ቱቦ አስቡ። ከታች በመርፌ ጫፍ በሚመስል ነገር ላይ ቆሟል፣ ከላይ ደግሞ ምንም ሳይነካው በማግኔት ተይዟል። ይህን ንድፍ ከሌሎች ጋር ሆኖ ያዳበረው ኦስትሪያዊው ጌርኖት ዚፔ ነው፤ ከጦርነቱ በኋላ በሶቪየቶች ተይዞ እዚያ ሲሠራ ነው ያዳበረው። ቱቦው ሰበቃ እንዳይዘው አየር በወጣለት መያዣ ውስጥ ይሽከረከራል። በውስጡ የሚገባው ጋዝም እጅግ ስስ ነው።

ኢራን በብዛት የተከለችው አይ.አር-1 የተባለው የድሮ ዓይነት መሣሪያ የቱቦው ስፋት 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የታሰበለት ፍጥነት በሰከንድ 1,064 ዙር ነው። በሰከንድ ነው ያልነው፣ በደቂቃ አይደለም። የቱቦው ግድግዳ በሰከንድ 334 ሜትር ይጓዛል፣ የድምፅን ፍጥነት ያህል። ግድግዳው ላይ ያለ አንድ ግራም ነገር ከ200 ኪሎ በላይ ሆኖ ይጫናል። እዚህ ላይ ሦስቷ የክብደት ልዩነት ዋጋ ታገኛለች። 352ቱ ወደ ግድግዳው ይበልጥ ይጠጋል፣ መሀል አካባቢ የሚቀረው ጋዝ ደግሞ በ349 ትንሽ ይበለጽጋል።

በዚህ ፍጥነት መሀልና ዳር መካከል የሚፈጠረው የድርሻ ልዩነት ከ6 በመቶ በላይ ነው። የወንፊቱ 0.43 እንደነበር አስታውሱ። በዚያ ላይ ፍጥነቱን ከፍ ባደረግን ቁጥር ልዩነቱ በጣም ይጨምራል። ግድግዳው በሰከንድ 500 ሜትር ቢሄድ ወደ 15 በመቶ ይደርሳል። አገሮች ጠንካራ ብረትና የካርቦን ክር ፍለጋ የሚሯሯጡት ለዚህ ነው። ቱቦው በራሱ ሽክርክሪት እንዳይበጣጠስ የሚያደርገው የተሠራበት ነገር ነው።

ሌላም ብልሃት አለ። የቱቦው አንዱ ጫፍ ከሌላው ትንሽ ይሞቃል። ይህም ጋዙን በግድግዳው በኩል ወደ አንድ አቅጣጫ፣ በመሀል በኩል ወደ ተቃራኒው ያንቀሳቅሰዋል። እየተመላለሰ ሲለያይ ቀላሉ አንዱ ጫፍ ላይ፣ ከባዱ ሌላው ጫፍ ላይ ይከማቻል። ከዚያ በቀጫጭን ቱቦዎች ተቀድቶ ይወጣል።

አንድ መሣሪያ ብቻውን ግን የትም አያደርስም። የሚያሳልፈው ጋዝም ትንሽ ነው፣ የሚለየውም ትንሽ ነው። ስለዚህ ብዙዎቹ ተያይዘው ይቆማሉ። የበለጸገው ክፍል ወደሚቀጥለው ደረጃ ይሄዳል፣ የተሟጠጠው ግን አይጣልም፤ ወደ ኋላ ተመልሶ እንደገና ይለያል። ናታንዝ ውስጥ መጀመሪያ የተተከሉት ቡድኖች እያንዳንዳቸው 164 መሣሪያዎች በ15 ደረጃ የተደረደሩባቸው ነበሩ።

ሲበላሽስ?

ይህን ያህል የሚፈጥን ነገር ትንሽ ሚዛን ካጣ ራሱን ይሰባብራል። ደግሞም እያንዳንዱ ቱቦ ፍጥነቱ ሲጨምር የሚርገበገብባቸው የተወሰኑ ፍጥነቶች አሉ። እዚያ ላይ ሳይዘገይ ቶሎ ማለፍ አለበት። 

ሁለተኛው ጠላት አየር ነው። በቱቦዎቹ ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው ያነሰ ስለሆነ ቀዳዳ ቢኖር ጋዙ አይወጣም፣ አየር ነው የሚገባው። አየር ውስጥ ያለው እርጥበት ከጋዙ ጋር ሲገናኝ ብረትና መስታወት የሚበላ አሲድና አንድ ጠጣር ዱቄት ይፈጠራል። ዱቄቱ ቱቦው ላይ ይለጠፋል፣ ሚዛን ይጠፋል። ስለዚህ ሠራተኞቹ ቀን ከሌት የሚከታተሉት ሁለት ነገር ነው፤ ንዝረትና የግፊት መጨመር።

ስታክስኔት የተባለው የኮምፒውተር ቫይረስ የገባው በዚህች ቀጭን መንገድ ነው። እ.ኤ.አ በ2010 ሲጋለጥ የተገኘው ትእዛዝ የሞተሩን ፍጥነት ከ1,064 ወደ 1,410 የሚያወጣ፣ በሌላ ጊዜ ደግሞ ወደ 2 የሚጥል ነበር። በዚህ ሁሉ ጊዜ መቆጣጠሪያው ላይ ለሠራተኞቹ የሚታየው "ሁሉም ደህና ነው" የሚል ቁጥር ነው። ናታንዝ ላይ ወደ 1,000 የሚጠጉ መሣሪያዎች በዚያ ሰሞን ተነቅለዋል።

ዘጠኝ ኪሎ ገብቶ አንድ ኪሎ

አሁን አንድ ምሳሌ እስከ መጨረሻው እንከተል። ለሪአክተር የሚሆን 4 በመቶ የበለጸገ አንድ ኪሎ ዩራኒየም እንፈልጋለን እንበል። ውስጡ 40 ግራም 235 ይኖራል። ስንት ኪሎ የተፈጥሮ ዩራኒየም እናስገባ?

መልሱ ዘጠኝ ኪሎ ነው። በዘጠኝ ኪሎ ውስጥ 64 ግራም ገደማ 235 አለ። 40ው ወደ ምርቱ ይሄዳል። የቀረው 24 ግራም ከስምንት ኪሎ የተሟጠጠ ዩራኒየም ጋር ይወጣል፤ እሱም 0.3 በመቶ ነው። "ያን 24 ግራም ለምን ይተዉታል?" ማለታችሁ አይቀርም። እያነሰ ሲሄድ ማውጣቱ ስለሚከብድ ነው። ዩራኒየም ሲወደድ ፋብሪካዎች ጨምቀው ያወጣሉ፣ ኤሌክትሪክ ሲወደድ ደግሞ ይተዉታል።

1,000 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ አንድ ሪአክተር በዓመት 20 ቶን ገደማ አዲስ ነዳጅ ይፈልጋል። በዚህ ሒሳብ 180 ቶን ገብቶ 160 ቶኑ ተረፈ ምርት ይሆናል ማለት ነው።

የቁጥሮቹ ማታለያ

አሁን ወደ ተነሳንበት ጥያቄ እንመለስ። እነዚያን ሺህ አቶሞች እንውሰድ፣ ሰባቱ 235 ናቸው። ነገሩን ለማቅለል ከሰባቱ አንድም አይጠፋም እንበል።

4 በመቶ ለመድረስ ከ993ቱ 825ቱን ማስወጣት አለብን። 175 አቶም ይቀራል፣ ሰባቱ ከ175 ውስጥ 4 በመቶ ናቸው። ከዚያ 20 በመቶ ለመድረስ ማስወጣት ያለብን 140 ብቻ ነው፤ 35 ይቀራል። ከ20 ወደ 60 ደግሞ 23 ገደማ ብናስወጣ በቂ ነው። ከ60 ወደ 90 ለመሄድ? አራት ገደማ። በቃ።

ትክክለኛውን የማበልጸግ ሥራ ሒሳብ ስንሠራም፣ በተሟጠጠው ውስጥ 0.3 በመቶ እንደሚቀር አድርገን፣ ያው ነገር ይወጣል። ለቦምብ የሚሆን 90 በመቶ ለመድረስ ከሚያስፈልገው ሥራ 4 በመቶ ላይ ስንደርስ ከ60 በመቶ በላይ አልቋል። 20 ላይ ወደ 90 በመቶ፣ 60 ላይ ደግሞ ወደ 97 በመቶ ተጠናቋል። በሰኔ 2017ቱ ጥቃት ዋዜማ ኢራን እስከ 60 በመቶ የበለጸገ 440 ኪሎ ገደማ ዩራኒየም እንደነበራት የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ገምቷል። ሁሉም ሰው ያን ቁጥር የሚያነሳው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ግን ገደቡንም እንያዝ። 60 በመቶ የደረሰ ጋዝ ቦምብ አይደለም። ወደ ብረት መለወጥ፣ መቅረጽ፣ ማፈንዳትና መሸከም የሚችል ነገር መሥራት ሌላ ሙያ ነው። 4 በመቶ የሆነ የሪአክተር ነዳጅ ደግሞ እንደ ኒውክሌር ቦምብ ሊፈነዳ አይችልም። አስቸጋሪው ነገር ሁለቱንም የሚሠራው መሣሪያ ያው አንድ ዓይነት መሆኑ ነው። የቱቦዎቹን አያያዝ መቀየር ወይም ምርቱን መልሶ ማስገባት ይበቃል።

ተቆጣጣሪዎችስ በምን ያውቃሉ? በጨርቅ ነው። ወለሉን፣ ቱቦዎቹን፣ መያዣዎቹን በንጹሕ ጨርቅ ይጠርጉና ወደ ቤተ ሙከራ ይልካሉ። እዚያ በዓይን የማይታይ አንድ ቅንጣት ብቻ ተመዝኖ የ235 ድርሻው ይታወቃል። እ.ኤ.አ በጥር 2023 ፎርዶ ላይ የ83.7 በመቶ ቅንጣቶች የተገኙት እንዲህ ባለ ምርመራ ነው። ኢራን ያልታሰበ መዋዠቅ ነው ብላለች። 

ለእኛስ?

በመስከረም 2018 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከሩሲያው ሮሳቶም ጋር የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ ለመገንባት የሚያስችል የድርጊት መርሃ ግብር ሞስኮ ላይ ተፈራርማለች። ሮሳቶም ግብፅ ውስጥ ኤል ዳባ ላይ እየገነባቸው ያሉት አራት ሪአክተሮች በተራ ውሃ የሚሠሩ ናቸው። ነዳጃቸው እስከ 5 በመቶ ድረስ የበለጸገ ዩራኒየም ይፈልጋል። ተመሳሳይ ሪአክተር እኛ ዘንድ ቢተከል የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

እንግዲህ በአገራችን መሬት ውስጥ ዩራኒየም ቢገኝ እንኳ ቆፍረን በቀጥታ ሪአክተር ውስጥ አንጨምረውም። ከሺህ ሰባት የሆነውን ከሺህ 40 እና 50 የሚያደርግ ሰው በመሀል ያስፈልጋል። ይህን በንግድ ደረጃ የሚሠሩት ጥቂቶች ናቸው፦ ሮሳቶም፣ የአውሮፓው ዩሬንኮ፣ የፈረንሳዩ ኦራኖና ቻይና አብዛኛውን ይይዛሉ። ከዓለም አቅም ወደ 40 በመቶ ገደማ የሚሆነው በሮሳቶም እጅ ነው።

ስለዚህ የማመንጫው ዜና ሲመጣ "ስንት ሜጋ ዋት?" እና "ስንት ቢሊዮን ዶላር?" ከሚሉት ጥያቄዎች ጎን አንድ ሌላ እንጨምር፦ ነዳጁን የሚያበለጽገው ማን ነው? ውሉ ለስንት ዓመት ነው? ሻጩ "አልሸጥም" ቢል ሌላው አበልጻጊ ለዚያው ሪአክተር የሚሆን ነዳጅ ሠርቶ ሊያቀርብ ይችላል ወይ? መልሱን ከሚመለከታቸው ስናገኝ እናቀርብላችኋለን።